የልጅ ልጄ ፎቶና የአባቷ ፊርማ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ በኢንተርኔት የፎቶ መሸጫዎች ላይ ለሽያጭ አቀርባለሁ። ገዢዎቹ ማስታወቂያ ሠሪዎች፣ መጽሔቶችና የመሳሰሉት ናቸው።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ረከቦቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የፈንዲሻ ሳህን አቅፋ ስትስቅ በመስኮት ብርሃን አነሳኋት። ገዢ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው፤ ያልተዘጋጀ የቤት ውስጥ ኑሮ፣ ልብስ ላይ የድርጅት ምልክት የሌለበት፣ በጎኑም ጽሑፍ የሚሰፍርበት ባዶ ግድግዳ ያለው።

ፊቱ የሚለይ ሰው ያለበት ፎቶ ለማስታወቂያ እንዲሸጥ የተነሳው ሰው የፈቃድ ቅጽ መፈረም አለበት። እኔም አያቷ ነኝ ብዬ ፈረምኩና ላክሁ። ተመለሰብኝ። ለካ ለሕፃን የሚፈርመው ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ ብቻ ነው። አፈርኩ። የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ሳስፈርም የኖርኩ ነርስ ነኝ፤ ስንቷን አያት «እናቱ ትምጣ» ብዬ መልሻለሁ።

ለልጄ ደወልኩለት። «እማዬ፣ ፎቶዋ የት የት ይወጣል?» አለኝ። መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። የሽያጩን ውል ሳነበው ግን ገዢው አንዴ ከፍሎ ደጋግሞ ሊጠቀምበት ይችላል። የፎቶው ባለቤትነት የእኔ ሆኖ ይቀራል፤ ገዢውን ግን አልመርጥም፣ ማን እንደሆነም አላውቅም። ሰውን በሚያዋርድ መንገድ መጠቀም ክልክል ነው፤ ከዚያ ውጭ የሳሙናም የባንክም ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ነገ ፎቶውን ከመሸጫው ባወርደው እንኳ ቀድሞ የገዛው ሰው መጠቀሙን ይቀጥላል።

ያለ ፈቃድ ቅጽ ለዜናና ለትምህርት ብቻ የሚሸጥበት መንገድም አለ። ያኔም ቢሆን ፊቷ መሰራጨቱ አይቀርም። ልጄ «ስታድግ ራሷ ትወስን» አለኝ። ተውኩት።

በምትኩ ስልኬን መደርደሪያ ላይ አቁሜ፣ ሰዓት ቆጣሪውን አስር ሰከንድ ላይ አድርጌ፣ ቡና የሚቆሉ እጆቼን ብቻ አነሳሁ። ማንነቴ ስለማይለይ ቅጽ አልተጠየቅሁም። መፈለጊያ ቃላቱን በእንግሊዝኛ፣ ዋናዎቹን አስቀድሜ ጻፍኩ፦ coffee፣ roasting፣ hands፣ Ethiopia። አዶቤ ስቶክ ላይ እስከ 49 ቃል ይፈቀዳል፤ ክብደት ያላቸው ግን የመጀመሪያዎቹ 10 ናቸው። ፎቶው ላይ የማይታየውን አልጻፍኩም፤ «ቤተሰብ» ብሎ የፈለገ ሰው እጅ ብቻ ቢያገኝ አልፎት ይሄዳል።

እጆቼ እስካሁን ሦስት ጊዜ ተሸጠዋል። በአንድ ሽያጭ የሚደርሰኝ ከአንድ ዶላር በታች ስለሆነ ሦስቱ ተደምረው የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ አይሞሉም። የልጅቷን ፎቶ ግን አሳጥቤ ብፌው ላይ አቁሜዋለሁ። የሚያየው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።