ስንት ኮፒ ሲሆን ነው 68 ብር?

ጂንካ ያሉ መምህራን ወዳጆቼ በአሪኛ ያዘጋጁትን የልጆች ተረት ለማሳተም ከሁለት ቤት ፕሮፎርማ አስመጡ። መጽሐፉ 64 ገጽ ነው፤ መጠኑ የኤፎር ግማሽ፣ ውስጡ ጥቁርና ነጭ፣ ሽፋኑ ባለቀለም፣ መሃሉ በሽቦ የሚሰፋ። ከአዲስ አበባው ማተሚያ ቤት የመጣው ወረቀት ነጠላ ዋጋ 68 ብር ይላል። ጂንካ ውስጥ ባለዲጂታል ማሽኑ ቤት ደግሞ 100 ብር። (ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፤ የዛሬ ዋጋ ናቸው ብላችሁ አትያዙብኝ።)

በአንድ መጽሐፍ 32 ብር ልዩነት! ኮሚቴው ሊፈርም ምንም አልቀረውም ነበር። ከነጠላ ዋጋው ጎን ያለችውን «ብዛት» የምትለዋን ዓምድ ግን ልብ ያላት የለም። የአዲስ አበባው ዋጋውን የሰጠው 1000 ኮፒ ቢታዘዝ ብሎ ነው። የጂንካው 300 ብሎ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች የመለሱት ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው፤ መልሳቸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይሄ ይረክሳል ማለት አይቻልም።

ለምን እንደማይቻል ለማየት ኦፍሴት ማሽን ላይ የመጀመሪያዋ ኮፒ ከመውጣቷ በፊት የሚሆነውን እንከተል። የውስጡ ገጾች በትልቅ ወረቀት ላይ ተደራጅተው ይታተማሉ። ኤቱ በሚያነሳ ማሽን ከተሠራ የወረቀቱ አንድ ፊት 8 ገጽ፣ ሁለቱ ፊት 16 ገጽ ይይዛል። 64 ገጽ ማለት ባለ 16 ገጽ አራት እጥፋት ነው። ለእያንዳንዱ እጥፋት የፊቱ አንድ ፕሌት፣ የጀርባው አንድ ፕሌት ይሠራል፤ ስምንት ሆነ። ባለቀለሙ ሽፋን አራት ቀለም ስለሆነ አራት ፕሌት ይጨምራል። አሥራ ሁለት። ፕሌቱ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ማሽን ላይ ይታሰራል፣ ቀለሙ እስኪስተካከል ድረስ ወረቀት እየገባ ይበላሻል፣ ባለሙያው ይቆማል። ይህ ሁሉ ወጪ 10 ኮፒ ብታዝዙም 10,000 ብታዝዙም ያው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ማለትም ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ማጠፉ፣ ስፌቱና ቆረጣው፣ በኮፒ ልክ ይጨምራል።

ዲጂታሉ ማሽን ፕሌት የለውም። ፋይሉን ተቀብሎ ማተም ይጀምራል፤ መነሻ ወጪው ገጹን ከማስተካከልና ናሙና ከማውጣት ብዙ አያልፍም። በአንጻሩ እያንዳንዷ ገጽ ውድ ናት፤ ሺህኛዋም ኮፒ ከመጀመሪያዋ አትረክስም።

ችግሩ ማተሚያ ቤቶች ይህን ነጣጥለው አለመጻፋቸው ነው። ፕሮፎርማው ላይ ያለው አንድ ነጠላ ዋጋ ብቻ ነው፤ መነሻው ውስጡ ተበትኗል። «የፕሌቱን ለብቻ ንገሩኝ» ብላችሁ ብትጠይቁ አንዳንዱ ይነግራችኋል፣ አንዳንዱ የቤቱ ጉዳይ ነው ብሎ ይተወዋል። ደግነቱ እሱ ሳይነግራችሁም ማወቅ ይቻላል፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ይሄው ነው። ከአንዱ ቤት በሁለት የተለያየ ብዛት ዋጋ ጠይቁ። መጽሐፉ ያው፣ ወረቀቱ ያው፣ ብዛቱ ብቻ ይለያይ።

ወዳጆቼ ለአዲስ አበባው ቤት መልሰው ደወሉና «300 ብቻ ቢሆንስ?» አሉት። «ጋሼ፣ 300 እኮ ለእኛ አያዋጣም፤ 110 ብር ይሆንባችኋል» አላቸው። ያቺ አንዲት መልስ በቂ ናት። 1000 ኮፒ በ68 ብር ጠቅላላው 68,000 ነው። 300 ኮፒ በ110 ብር 33,000 ነው። በ700 ኮፒ ልዩነት 35,000 ብር ተጨመረ፤ ሲካፈል አንዷ ኮፒ ራሷን የቻለች 50 ብር ታስወጣለች ማለት ነው። 300 ጊዜ 50 ደግሞ 15,000 ነው፤ ከ33,000 ላይ ሲነሳ 18,000 ይቀራል። መነሻው ይሄ ነው። ለጂንካውም ተመሳሳይ ጥያቄ ቀረበለትና መነሻው 1,500፣ በኮፒ 95 ብር ሆኖ ተገኘ።

አሁን ሁለቱ ቤቶች በአንድ ቋንቋ ተናገሩ፦ አንዱ 18,000 እና በኮፒ 50፣ ሌላው 1,500 እና በኮፒ 95። የአዲስ አበባው ላይ ግን አንድ ነገር ይቀራል። መጽሐፉ ከአዲስ አበባ ተጭኖ አርባ ምንጭን፣ ኮንሶን፣ ወይጦንና ቀይ አፈርን አልፎ ጂንካ መድረስ አለበት። ካርቶኖቹን ማስጫን፣ ማውረድና በዝናብ እንዳይበላሹ መሸፈን በእኛ ስሌት 2,500 ብር ተያዘለት። ብዛቱ በዚህ ክልል እስካለ ድረስ ጭነቱ አንድ ጊዜ ስለሆነ ከመነሻው ጋር ደመርነው፤ 20,500 ሆነ። ካርቶኑ በርከት ብሎ ጭነቱ በኪሎ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ከነጠላ ዋጋው ጋር መደመር ነበረበት።

በመነሻ አዲስ አበባ በ19,000 ብር ይበልጣል፤ በእያንዳንዷ ኮፒ ግን 45 ብር ይቀንሳል። 19,000ን ለ45 ብታካፍሉት 422 እና ትንሽ ይመጣል። ከ423 ኮፒ ጀምሮ አዲስ አበባ ያዋጣል፤ ከዚያ በታች ጂንካ። ያ 68 እና 100 ሲታይ ማን ይህን ይጠረጥር ነበር?

ይህ ስሌት የሚሠራው ማሽኑ እስካልተቀየረ ድረስ ነው፤ እሱንም መፈተሽ ይቻላል። በሦስተኛ ብዛት ጠይቁ፤ ለምሳሌ 600። ስሌቱ 48,000 ይላል። ቤቱ ከዚያ ራቅ ያለ ቁጥር ከሰጣችሁ መሃል ላይ አንድ ነገር ተለውጧል፦ ወይ ከተወሰነ ብዛት በታች በሌላ ማሽን ይሠራል፣ ወይ ወረቀቱን በጅምላ የሚገዛበት መጠን አለው። ያን ጊዜ የምትፈልጉት ብዛት ያለበትን ወገን ብቻ ይዛችሁ አስሉ። ቫትም እንደዚሁ አንዱ ላይ ተካትቶ ሌላው ላይ ከቀረ 15 ከመቶው ብቻውን ውጤቱን ሊገለብጠው ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ከነቫቱ ወይም ሁለቱንም ያለ ቫት አድርጉ።

የገጽ ነገርም አለ። ኮሚቴው መጨረሻ ላይ የምስጋና ገጽና የቃላት መፍቻ ለመጨመር አስቦ መጽሐፉ 68 ገጽ ሊሆን ነበር። ለዲጂታሉ አራት ገጽ አራት ገጽ ነው። ለኦፍሴቱ ግን አራቱ እጥፋት ሞልቷል፤ የተጨመሩት ገጾች ቢያንስ አንድ አዲስ ፕሌትና አንድ ተጨማሪ ማሽን ማሰር ይጠይቃሉ። ሰዎቹ ተረቶቹን ትንሽ አጠጋግተው መፍቻውን እዚያው 64 ውስጥ አስገቡት። ይህ ከማተሚያ ቤት ጋር ተከራክሮ ከሚገኝ ቅናሽ የበለጠ ገንዘብ ሊያድን ይችላል፤ ግን ፕሌት ከመሠራቱ በፊት መሆን አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ብዛቱን ጨምሩ እንጂ ዋጋው ይወርዳል» የሚለው ምክር እውነት ነው፤ ሒሳቡ ላይ ስህተት የለበትም። የሚዘለው ግን ማን ያነበዋል የሚለውን ነው። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ይህ ጥያቄ በተለይ ይከብዳል። በ2007 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ቆጠራ የሙርሲ ሕዝብ ቁጥር 7,500 ገደማ ነበር፤ ሐመር ከ46,000 በላይ። ከዚህ ውስጥ በቋንቋው ማንበብ የሚችለውን፣ ከዚያም መጽሐፉ የሚደርስበት ትምህርት ቤት ያለውን ስትቀንሱ፣ የኮፒው ብዛት በማተሚያ ቤቱ የዋጋ ደረጃ ሳይሆን በአንባቢው ልክ መወሰን እንዳለበት ይገባችኋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመውን የሙርሲ፣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ዓይነት ሥራ ማንም በብዛት ስለሚረክስ ብሎ አያሳትመውም። አሪኛ ከእነዚህ ሰፊ ቋንቋ ነው፤ ቢሆንም ወዳጆቼ ስም እየጠሩ ሲቆጥሩ፣ ትምህርት ቤቶቹን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ተረቱን የነገሯቸውን ሽማግሌዎች ጨምረው፣ የደረሱት 350 ላይ ነው።

በ350 ጂንካ 34,750 ብር ያስወጣል፣ አዲስ አበባ ከነጭነቱ 38,000። እዚህ ላይ አንድ መምህር ጥሩ ጥያቄ አነሳ። «1000 ብናሳትም እኮ ከነጭነቱ አንዷ 70 ብር ከሃምሳ ናት፤ የተረፈውን ለከርሞ እናስቀምጠዋለን።» ሰውየው የተናገረው ከንቱ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ተሰላ። 1000 ኮፒ 70,500 ብር ነው፤ ከ34,750 ጋር ያለው ልዩነት 35,750። በዚህ ልዩነት የምናገኘው 650 ተጨማሪ መጽሐፍ ነው፤ አንዱ 55 ብር ደረሰ። በእርግጥም ርካሽ! ግን ያው 35,750 ብር እጃችን ላይ ቢቆይና ከርሞ መጽሐፉ ተፈላጊ ቢሆን፣ ጂንካ በዛሬው ዋጋ 360 ኮፒ ያሳትምልናል። ስለዚህ ከ650ው ውስጥ ከ360 በላይ በእርግጥ የሚፈለግ ከሆነ ዛሬ 1000 ማሳተም ያዋጣል፤ ካልሆነ ትርፉ መጋዘን ውስጥ ምስጥ የሚጠብቀው ወረቀት ነው። 350ው ብቻ ተነብቦ ቢቀር አንዱ የተነበበ መጽሐፍ 201 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ አስወጣ ማለት ነው።

የመምህሩን ሐሳብ የሚደግፍ አንድ ነገር ግን አለ፤ መሸሸግ አልፈልግም። የኅትመት ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ ብር ሲወድቅ ዋጋው ይንራል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህን ያላየ አሳታሚ ያለ አይመስለኝም። ከርሞ የጂንካው 95 ብር 120 ቢሆን፣ ያው ገንዘብ 285 ኮፒ ብቻ ያሳትማል፤ ወለሉ ከ360 ወደ 285 ወረደ። ለዚህ ነው ፕሮፎርማው ላይ ዋጋው የሚጸናበት ቀን መኖሩን ማየት ያለባችሁ። በሌላ በኩል ደግሞ እንደ አሪኛ ባለ ቋንቋ የሚጻፍ መጽሐፍ አጻጻፉ ገና እየተስተካከለ ያለ ነው፤ ልጆች ክፍል ውስጥ ሲያነቡት የሚገኘው ስህተት በ350 ቢሆን በሁለተኛው ኅትመት ይታረማል፤ በ1000 ከሆነ እስኪያልቅ አብሮን ይኖራል። እኔን ያሳመነኝ ይሄኛው ነው።

ኮሚቴው 350ውን ጂንካ ለማሳተም ተስማምቷል፤ መጀመሪያ ግን ቀለሙ በጣት ሲታሸት እንደማይለቅና ስፌቱ እንደሚይዝ ለማየት አንድ ሙሉ ናሙና ኮፒ ጠይቋል። ለአዲስ አበባው ቤትም የ1000ው ዋጋ እስከ መቼ እንደሚጸና በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ተጽፎለታል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከወረዳዎቹ ትምህርት ቤቶች በደብዳቤ የተረጋገጠ ከ360 በላይ ተጨማሪ ጥያቄ ከመጣ የጂንካው ትዕዛዝ ቀርቶ 1000ው በአንድ ላይ አዲስ አበባ ይታተማል። ደብዳቤዎቹን የሚሰበስብ ሰው ተመድቧል።