ፍሪዘሩና ቀለበቱ

እኛ ጉባ ውስጥ ምግብ ቤት አለን። አባዬ የከፈተው የህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በመጋቢት 2003 ከተጣለ በኋላ፣ ሠራተኛውና ሹፌሩ ወደዚህ ሲጎርፍ ነው። እማዬ ወጥ ቤቱን ትይዛለች፣ ታላቅ ወንድሜ ዕቃ ይገዛል፣ እኔ ሒሳቡን እይዛለሁ። አባዬ ደግሞ የመጨረሻዋን ቃል ይይዛል 😄

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጥያቄ መጣ። የጉባን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማክሰኞ ማታ የተረፈ ሥጋ ረቡዕ ጾም ስለሆነ አይሸጥም፣ ሐሙስ ድረስም አይቆይም። የሐሙሱም ትራፊ በዓርብ እንደዚያው። በሳምንት 3 ኪሎ ያህል እንጥላለን። ወንድሜ "ፍሪዘር እንግዛ" አለ። አባዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው "አያስፈልግም" አለ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፤ ወንድሜ ከሁለት ሳምንት በፊት አባዬን ሳያማክር፣ ሽማግሌም ሳይልክ ቀለበት አስሮ ነበር። አባዬ የሰማው ከጎረቤት ነው። ስለዚህ "አያስፈልግም" ያለው ፍሪዘሩን ይሁን ልጁን ማንም አላወቀም። ወንድሜም "አንተ ሁልጊዜ የእኔን ሐሳብ ትንቃለህ" ብሎ ወጣ። አሥር ቀን ዝም ተባብለው ሠሩ፤ ሥጋውም መጣሉን ቀጠለ።

በአሥረኛው ቀን እማዬ አባዬን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው። "ይህን ሐሳብ ያመጣው የጎረቤት ልጅ ቢሆን ምን ትለው ነበር?" አባዬ ትንሽ አሰበና "ስንት ነው ዋጋው? እለው ነበር" አለ። አያችሁ? እስከዚያች ሰዓት ዋጋውን የጠየቀ ሰው አልነበረም። አሁን የምንለይበት ምልክት ይሄ ነው፦ ክርክሩ ውስጥ ቁጥር ከሌለ፣ "ሁልጊዜ" የሚለው ቃል ከበዛ፣ የምንጣላው በሌላ ነገር ነው።

በማግስቱ ምግብ ቤቱ ሳይከፈት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። እቤት አይደለም፣ ቡና ላይም አይደለም። ደብተሬን አወጣሁ። 3 ኪሎ ሥጋ በእኛ መግዣ 2,100 ብር ነው። የመብራቱን 100 ብር ስቀንስ በሳምንት 2,000 ብር እናድናለን። ወንድሜ ያየው ፍሪዘር 60,000 ብር ነው፤ በ30 ሳምንት ራሱን ይመልሳል። ወንድሜ ፈገግ አለ።

አባዬ ግን "ሁዳዴን፣ የገናን ጾምና ፍልሰታን አውጥተሽ ቆጥረሻል?" አለኝ። አልቆጠርኩም! ሁዳዴ 55 ቀን፣ የገና ጾም 43፣ ፍልሰታ 15፤ ሲደመር 16 ሳምንት ይሆናል። በዓመት ሥጋ የምንሸጠው 36 ሳምንት ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ 30ው ሳምንት በካላንደር ሲታይ አሥር ወር ነው። ቀጠለና "ግድቡ ጳጉሜ 4 ተመርቋል። ሠራተኛው እየሄደ ነው። ከአሥር ወር በኋላ ማን ሊበላልን ነው?" አለ።

ዝም አልን። ልክ ነበር። ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሆዱ ይዞት ኖሯል፤ ግን በቀለበቱ ኩርፊያ ሸፍኖት ስላመጣው ማናችንም አልሰማነውም። እኔ ኩርፊያ ሥራ ላይ ሲገባ የሚጎዳው የተሳሳተ ውሳኔ ስለሚያስወስን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ትክክለኛውንም ሐሳብ ይቀብራል።

ወንድሜ ራሱ "እንግዲያው ትንሹን እንግዛ፤ ለ3 ኪሎ ምን ያደርግልናል ትልቅ?" አለ። ትንሹ 34,000 ብር ነው። 17 የሽያጭ ሳምንት፣ ጾሙ ተቆጥሮም ስድስት ወር አይሞላም። አባዬ ፈረመ።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣን። የግዢ ሐሳብ ያለው ሰው ዋጋውንና መቼ እንደሚመልስ ጽፎ ያመጣል። የተቃወመም ምክንያቱን እዚያው ወረቀት ላይ ይጽፋል። ድምፅ ከፍ ካለ እማዬ ደብተሩን ትዘጋለች፣ ለነገ ያድራል። የቤት ነገር ጠረጴዛው ላይ ከመጣ "ይሄ የሽማግሌ ነው" ተብሎ ይነሳል።

ደንቡ ሁሉንም አያድንም። ፍሪዘሩ በሳምንቱ ገባ፤ የቀለበቱ ነገር ግን ሦስት ሽማግሌና ሁለት ወር ፈጀ። አባዬ ዛሬም ሲነሳበት ፊቱ ይጠቁራል። ቢሆንም አሁን ሲኮራረፉም ወንድሜ ጠዋት ወረቀቱን ያስቀምጣል፣ አባዬ መነጽሩን አድርጎ ያነባል። አንዳንዴ ሰላም ሳይባባሉ 😄

ከቤተሰብ ጋር የምትሠሩ፣ እናንተ ቤት ደብተሩን የሚዘጋው ማን ነው?