አማካይ ትርፍና የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት

አንድ ሰው «ገንዘቤ ባለፉት አራት ዓመታት በአማካይ በያመቱ ከመቶ 10 እጅ አተረፈ» ቢልዎ፣ ገንዘቡ አድጓል ብለው ያምናሉ። ነገር ግን ሰውየው አንድም ሐሰት ሳይናገር ከጀመረበት በታች ሊገኝ ይችላል። ይህም እንዴት እንደሚሆን እኔ በማስተምርበት በሸዋ ሮቢት በግልጽ ይታያል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲጓዙ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፈው ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ ብርዱ ይቀርና የይፋት ቆላ ይቀበልዎታል። በዚያ ማሾና ማሽላ በዝናብ ይዘራሉ፤ ቀይ ሽንኩርት ደግሞ በመስኖ ይተከላል። ሽንኩርት በተወደደ ጊዜ የነጋዴው መኪና እስከ ማሳው ድረስ ይመጣል። ይህን ያየ ሁሉ በተከታዩ ወራት ሽንኩርት ይተክላል፤ የሁሉም ምርት ባንድ ሰሞን ይደርስና ዋጋው ይወድቃል። ዋጋ እስኪሻሻል ልጠብቅ የሚል ቢኖር፣ የቆላው ሙቀት አያስቀምጥለትም፤ ይበሰብስበታል።

አንድ የተማሪዬ አባት ስለ ልጃቸው ሊጠይቁኝ መጥተው፣ ወሬአችን ወደ እርሻ ቢዞር፣ «መምህር፣ እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎት፤ ደጉ ዓመት ከክፉው ይበልጥ ነበር፤ ታዲያ ገንዘቤ የት ገባ?» አሉኝ። የሳቸውን ገበና ትቼ፣ ለስሌት በሚቀል ቁጥር ላስረዳዎ።

ገበሬው በ10,000 ብር ይጀምራል እንበል። በደጉ ዓመት ከመቶ 60 እጅ ያተርፋል፤ በክፉው ከመቶ 40 እጅ ይከስራል፤ በያመቱም በእጁ ያለውን ሁሉ መልሶ ሽንኩርት ላይ ያውላል። ከ60 ላይ 40 ቀንሰው ለሁለት ሲያካፍሉ አማካዩ 10 ነው። ገንዘቡን ግን ይቁጠሩት፤ 10,000 ብር መጀመሪያ 16,000 ይሆናል፤ በሁለተኛው ዓመት ወደ 9,600 ይወርዳል። ደጉና ክፉው እንደገና ቢፈራረቁ፣ በአራተኛው ዓመት የሚቀረው 9,216 ብር ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የ10,000 ብር ከመቶ 60 እጅ 6,000 ብር ነው፤ የ16,000 ብር ከመቶ 40 እጅ ግን 6,400 ብር ነው። ትንሽ የሚመስለው ኪሳራ በትልቁ ገንዘብ ላይ ስላረፈ ትርፉን በላው። ክፉው ዓመት ቢቀድምስ? ያው ነው፤ 10,000 ወደ 6,000 ይወርዳል፣ የ6,000 ከመቶ 60 እጅ ደግሞ 3,600 ብቻ ስለሆነ፣ እንደገና 9,600 ላይ ይደርሳሉ።

በትምህርት ቤት የመጀመሪያውን አሪትሜቲክ አማካይ፣ ሁለተኛውን ጂኦሜትሪክ አማካይ እንላቸዋለን። ያንዱ ሥራ መደመርና ማካፈል ነው። ሁለተኛው ግን 1.6ን በ0.6 አባዝቶ፣ ዓመቱ ሁለት ስለሆነ የውጤቱን ካሬ ሥር ያወጣል፤ ይኸውም 0.98 ያህል ነው፤ በያመቱ ከመቶ 2 እጅ ገደማ ኪሳራ ማለት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እኩል ቢያተርፉ ሁለቱ አማካዮች አንድ ይሆናሉ። የሚለያያቸው መዋዠቁ ነው፤ ልዩነቱም በግምት የመዋዠቁ ካሬ ግማሽ ነው። በኛ ምሳሌ ትርፉ ከአማካዩ በ50 እጅ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የ0.5 ካሬ ግማሽ 0.125 ነው። ከ10 ላይ 12.5 ሲቀንሱ ከዜሮ በታች 2.5 ይመጣል፤ ከእውነተኛው ብዙ አልራቀም። መዋዠቁ ሲያንስ ግምቱ ይበልጥ ይቀርባል።

እዚህ ላይ እኔን ራሴን በጣም የሚያስደስተኝ ነገር አለ። ገበሬው በየዓመቱ የገንዘቡን ግማሽ ብቻ ተክሎ፣ ግማሹን ያለ ምንም ወለድ ሣጥን ውስጥ ቢያስቀምጥ፣ አሪትሜቲክ አማካዩ ከ10 ወደ 5 ይወርዳል። ገንዘቡ ግን በመጀመሪያው ዓመት 13,000 ይሆናል፤ በሁለተኛው 6,500ውን ተክሎ 3,900 ሲያገኝ፣ ከተቀመጠው ጋር 10,400 ብር ይሆናል። በአማካይ ያነሰው ሰው በኪሱ በለጠ! መዋዠቁ በግማሽ ሲቀንስ፣ የሚበላው ገንዘብ ወደ ሩብ ይወርዳልና።

ይሁን እንጂ አሪትሜቲክ አማካይ ሁልጊዜ ያሳስታል ማለቴ አይደለም። እርስዎ ደመወዝተኛ ሆነው፣ በያመቱ 10,000 ብር ብቻ ከዘመድ ጋር ለሽንኩርት ቢያዋጡ፣ ትርፉን ለብቻው ቢያስቀምጡ፣ ኪሳራውንም ከደመወዝዎ ቢሞሉ፣ 6,000 አግኝተው 4,000 ያጣሉ። በሁለት ዓመት 2,000 ብር፣ ማለት በያመቱ ልክ ከመቶ 10 እጅ አተረፉ። ገበሬው ግን የሚሞላበት ደመወዝ የለውም፤ የዘንድሮ ዘር የሚገዛው ባምና ገንዘብ ነው።

ለተማሪዬ አባት ይህን ሁሉ በደብተር ላይ ሠርቼ ባሳያቸው፣ ጥቂት አሰቡና፣ «ግማሹን በሣጥን ከማስቀምጥ ማሾ ብዘራበትስ?» አሉ። ጥሩ ነው፤ ማሾው ራሱ ካተረፈና የማሾው ክፉ ዓመት ከሽንኩርቱ ክፉ ዓመት ጋር ካልገጠመ። ሁለቱ ባንድ ዓመት ከወደቁ ግን መዋዠቁ አይቀንስም። ስለዚህ የሁለቱን የዋጋ ዓመታት ጎን ለጎን እየጻፍን ነው።