«አዎ ይበሉ እትዬ»

ስሙንማ… እዚህ ጋርላንድ፣ ከዳላስ ጥግ፣ አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖር ሦስት የአክስትና የአጎት ልጆች ነን። አንዳችን ኡበር ይነዳል፣ አንዳችን ኮሌጅ ይመላለሳል፣ አንዷ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። (የፋርማሲዋ ነገር ለሐፍረታችን መጨመሪያ እንደሆነ ኋላ ታዩታላችሁ።) አራተኛዋ እትዬ ናት። የ58 ዓመት አክስታችን፣ ሆቴል አንሶላ የምታጥብ፣ ስኳር ያለባት፣ እንግሊዝኛ ሲበዛባት «እናንተ ተነጋገሩልኝ» የምትለን እትዬ። እኛም እንነጋገርላታለን። ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው።

በታኅሣሥ 2016፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2023፣ እትዬ ስልኳን ይዛ መጣች። ፌስቡክ ላይ መንግሥት 6,400 ዶላር ይሰጣል፣ ለአስቤዛም ለቤት ኪራይም ይሆናል፣ ዛሬውኑ ደውሉ ይላል። እኛ አዋቂዎቹ «ገንዘቡ ውሸት ይሆናል፣ ኢንሹራንሱ ግን ኦባማኬር ነው፤ ወቅቱም ነው» አልንና ደወልን።

ያነሳው ሰውዬ አፉ ማር ነው። እትዬን «ማማ» እያለ ጠራት። ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ካንሰር እንዳለባትና እንደሌለባት ጠየቀ። ስኳር አለባት ስንለው «ችግር የለም» አለ። በአምሳውም ስቴት የፈለገችው ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፣ ሆስፒታል ይከፈልላታል፣ በወር 289 ዶላር ብቻ፣ ለመመዝገቢያ 125፤ ግን ይህ ዋጋ ዛሬ ማታ ያበቃል። ወረቀቱን አስቀድመህ ላክልን ብንለው «ካርዱ ሲያልፍ ወዲያው በኢሜይል ይደርሳችኋል» አለ። የባንክ ካርዷን ቁጥር ሰጠነው።

ከዚያ የመጨረሻው ነገር መጣ። «አሁን አንዲት ሴት መስመር ላይ ትገባለች። ሕግ ስለሚያስገድደን የምታነበው ነገር አለ፣ እናንተን አይመለከትም። ለሁሉም አዎ ብቻ በሉ፤ ጥያቄ ከጠየቃችሁ ሲስተሙ ይቋረጥና እንደ አዲስ እንጀምራለን።»

ሴትየዋ በጥድፊያ ማንበብ ጀመረች። እትዬ ወደ እኛ ዞር አለች። «ምን እንደሆነ ሳልሰማ?»

«ሥርዓት ነው፣ አዎ ይበሉ እትዬ።»

ሰባት ጊዜ አዎ አለች።

በማርች ሌሊት ላይ ሆዷን ያዛት። የሐሞት ጠጠር ነበር፤ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ ሦስት ሌሊት ተኛች። ሆስፒታሉ የመዝገብ ክፍል ያለችው ልጅ ካርዱን ገለባብጣ ካየች በኋላ «ይኼ ኢንሹራንስ አይደለም» አለችን። ኮራ ብለን ተከራከርናት። እናላችሁ… ቢሉ 46,800 ዶላር ሆኖ መጣ። ኩባንያው የከፈለው እንዲህ ነበር፤ ለተኛችበት ለእያንዳንዱ ቀን 1,000፣ ለቀዶ ጥገናው 1,000፣ ለድንገተኛ ክፍሉ 100። በድምሩ 4,100። የቀረው 42,700 ዶላር የእትዬ ነው።

የተሸጠላት ነገር «ፊክስድ ኢንደምኒቲ» ይባላል። ሐኪሙ ያስከፈለው ምንም ይሁን ምን፣ አስቀድሞ የተቆረጠች ገንዘብ ብቻ የሚከፍል ውል ነው። በሕግ የተከለከለ አይደለም። ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ለደሞዝ ማካካሻ ቢገዛው ያስኬዳል። ወንጀሉ በኢንሹራንስ ፈንታ መሸጡ ላይ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ጣሪያ የሚያበጀው ለእናንተ ኪስ ነው፣ በዓመት ከዚህ በላይ አትከፍሉም ይላል። ይኼኛው ጣሪያ የሚያበጀው ለራሱ ለኩባንያው ኪስ ነው።

አቤቱታ ስናቀርብ ኩባንያው ቅጂውን ላከልን። ሦስታችን ኩሽና ቁጭ ብለን ሰማነው። ሴትየዋ «ይህ ውል ሙሉ የሕክምና ኢንሹራንስ አለመሆኑን፣ የኦባማኬርን ሕግ እንደማያሟላ ተረድተዋል?» ትላለች። ትንሽ ዝምታ። ከኋላ በአማርኛ የእኛ ሹክሹክታ ይሰማል። ከዚያ የእትዬ ድምፅ፣ «የስ»።

ፋርማሲ የምትሠራዋ ተነስታ ወጣች።

እንግዲህ ያን ቅጂ ደጋግመን ስንሰማ ሰውዬው ምን እንዳደረገ ብቻ ሳይሆን የት ላይ ልንነቃ እንደምንችል አየን። አንደኛው የስኳሩ ጥያቄ ነው። ከ2014 ጀምሮ በኦባማኬር ሕግ የሚሸጥ ኢንሹራንስ ስለ በሽታችሁ አይጠይቅም፣ በበሽታችሁ ምክንያት ዋጋ አይጨምርም፣ አይከለክልም። ለዋጋው የሚያስፈልገው ዕድሜያችሁ፣ የምትኖሩበት ቦታና ሲጋራ ማጨስ አለማጨሳችሁ ነው፤ ለድጎማው ደግሞ ገቢያችሁና የቤተሰባችሁ ብዛት። ሰውዬው ስኳር አለባት ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሳያውቀው የሚሸጠው ነገር ሌላ መሆኑን ነግሮናል። ገቢዋን ደግሞ አንድም ጊዜ አልጠየቀም! ገቢ ሳይጠይቅ ድጎማ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው የ6,400ው ወሬ ነው። የመንግሥት ድጎማ ለኢንሹራንሱ ወርሃዊ ክፍያ የሚውል የታክስ ቅናሽ ነው፤ በየወሩ አስቀድሞ ሲሰጥ በቀጥታ ለኢንሹራንስ ኩባንያው ይገባል። ለአስቤዛ የሚሆን ካርድ በፖስታ አይልክም። በዚያ የጀመረ ጥሪ በሌላ ውሸት ቢጨርስ ምን ይገርማል?

ሦስተኛው ያ «ለሁሉም አዎ በሉ» ነው። ይኼን ከሁሉ አስበልጠን እንፈራዋለን። የሰውዬው ማር የሆነ ንግግር የተቀዳ አይመስለንም፣ እኛ ዘንድ ቢያንስ አልደረሰም፤ የተቀዳውና ማስረጃ የሆነው የሴትየዋ ንባብ ነው። እውነቱ የሚነገራችሁ በዚያች በጥድፊያ በምትነበብ ክፍል ውስጥ ነው፤ ስለዚህም ነው «እናንተን አይመለከትም» የሚባለው። ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2018 ፍሎሪዳ ውስጥ ሲምፕል ሄልዝ የሚባል ድርጅትን የከሰሰው እንዲህ ያለ ባዶ ውል ሙሉ ኢንሹራንስ ነው እያለ በስልክ ሸጧል ብሎ ነው። በ2024 ፍርድ ቤት ድርጅቱና ባለቤቱ 195 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ወስኗል።

ታዲያ ምን ብንጠይቅ ኖሮ? አንዲት ጥያቄ ብቻ ብትፈቀድልን ይቺን እንመርጣለን፤ «በዓመት ውስጥ ምንም ያህል ብታመም፣ ከኪሴ የምከፍለው ትልቁ ገንዘብ ስንት ነው? የተጻፈበትን ወረቀት ላክልኝ።» ሙሉ ኢንሹራንስ ለዚህ አንድ ቁጥር አለው። በ2024 ለአንድ ሰው ከ9,450 ዶላር እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኖ ነበር (በየዓመቱ ይለወጣል፣ ኩባንያው ኔትዎርክ ውስጥ ላሉ ሐኪሞች ነው)። የኢንደምኒቲ ሻጭ ግን ይህን ቁጥር ሊነግራችሁ አይችልም፣ የለውማ! «በጣም ትንሽ ነው የምትከፍሉት» ይላል። «ኩባንያው በቀን 1,000 ይከፍላል» ይላል። የጠየቃችሁት እኮ እሱ የሚከፍለውን አይደለም።

ወረቀቱም ስም አለው። «ሰመሪ ኦፍ ቤነፊትስ ኤንድ ከቨሬጅ» ይባላል፣ ባጭሩ ኤስ.ቢ.ሲ.። ለሁሉም ኩባንያ አንድ ዓይነት ቅጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያ ትልቁ ቁጥር አለ፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ ሦስት ምሳሌዎች አሉ፤ መውለድ፣ ስኳርን መከታተልና ቀላል ስብራት። በእያንዳንዱ በሽተኛው ስንት እንደሚከፍል ተሰልቶ ተቀምጧል። ስኳር ላለባት እትዬ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ወረቀቱ ሳይደርሳችሁ የካርድ ቁጥር አትስጡ። እንዲህ ያለ ወረቀት ለሌለው ሰው የሚላከው የሚያምር ብሮሹር ነው፤ እሱ ላይ «ሊሚትድ ቤነፊት»፣ «ሰፕሊመንታል» የሚሉ ቃላትን ፈልጉ።

ሌላም እንጨምር ካላችሁ፣ «ይኼ HealthCare.gov ላይ ይገኛል? ለታክስ ፎርም 1095-A ይመጣልኛል?» በሉት። ያ ፎርም የሚመጣው በመንግሥቱ ገበያ ለተገዛ ብቻ ነው። የኤጀንቱን ፈቃድ ቁጥርም ጠይቁና ስቴቱ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ፈቃድ ያለው ሁሉ ሐቀኛ ነው ማለታችን አይደለም፤ ቁጥሩን ሲጠየቅ የሚቆጣ ግን ራሱን አጋልጧል።

አሁን የሚያንገበግበንን እንንገራችሁ። የእትዬ ገቢ በዓመት 29,000 ዶላር ገደማ ነው። በዚያው ታኅሣሥ፣ በዚያው ሳምንት፣ HealthCare.gov ላይ በነበረው ድጎማ በወር 50 ዶላር ገደማ በመክፈል ሲልቨር የሚባለውን ልታገኝ ትችል ነበር። በእሷ ገቢ ደግሞ የዓመቱ ጣሪያ ቢበዛ 3,150 ዶላር ነበር። 289 እየከፈለች 42,700 ዕዳ ውስጥ ገባች!

ውሉን ስንሰርዝ ደግሞ ሌላ በር ተዘጋ። ኢንሹራንስ ያጣ ሰው ከወቅቱ ውጭ እንዲመዘገብ ይፈቀድለታል ሲባል ሰምተን ነበር። ለእትዬ አልተፈቀደም። በሕጉ ዓይን ያጣችው ኢንሹራንስ የለም፣ መጀመሪያም አልነበራትማ። እስከ ኖቬምበር 1 ጠብቃ፣ ሽፋኗ የጀመረው በጃንዋሪ 2025 ነው። በመሀል ያለውን ወራት በምን ልብ እንዳሳለፍነው አትጠይቁን። እንደ ገዛችሁ ከነቃችሁ ግን ውሉ ላይ «ፍሪ ሉክ» የሚል ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ብትመልሱ ገንዘባችሁ ይመለሳል። እኛ ሦስት ወር ተኝተናል።

ዕዳውን ያቃለለው ያቺው የተከራከርናት የመዝገብ ልጅ ናት። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የእርዳታ ደንብ ሊኖረው ግድ ነው፤ የመጀመሪያው ቢል ከወጣ እስከ 240 ቀን ማመልከት ይቻላል። የደሞዝ ወረቀቷን አያይዘን አመለከትን። አብዛኛው ተሰረዘ፣ የቀረውን በወር በወር እየከፈልን ነው። እየከፈልን ያልነው ሆን ብለን ነው፤ ከሦስታችን ይቆረጣል።

ባለፈው ሰሞን ስልኳ ጮኸ። አሁንም ያው፣ የመንግሥት ገንዘብ፣ ዛሬ ብቻ። እኛ ልንቀበላት እጃችንን ስንዘረጋ እትዬ ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችው። በዚያች ባለቻት እንግሊዝኛ «ኤስ.ቢ.ሲ. ላክ» አለችው። ሰውዬው ብዙ ተናገረ። «ኤስ.ቢ.ሲ. ላክ» አለች ደግማ። መስመሩ ተቋረጠ። «ምን አለ?» ብለን ብንጠይቃት «እኔ እንጃ፣ ዘጋው» ብላ ወደ ሽሮዋ ተመለሰች።