ማን ይስጥልኝ? በሰላምታችን ውስጥ ስለተሰወረው ስም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ቤተሰቦች፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ከዚህች ሰላምታ አልፌ ወደ ሌላ ርእስ አልሄድም፤ በእርሷው ላይ ጥቂት አብረን እንድንቆይ እለምናችኋለሁ።

እዚህ ሆለታ ከማስተምራቸው ሕፃናት አንዱ ከትምህርት በኋላ ቀርቦ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ዲያቆን፣ ‹ጤና ይስጥልኝ› የሚል ሰው ጤናውን የሚለምነው ለራሱ ነው ወይስ ለእኔ?» ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ቢመስልም የሰዋስው ጥያቄ ነው፤ ሲመረመር ደግሞ የሃይማኖት ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ልጁን ያሳሰበችው በቃሉ መጨረሻ ያለችው «ኝ» ናት። «ስጠኝ» ስንል ተቀባዩ እኔ ነኝና፣ «ይስጥልኝ» ስንልም ተቀባዩ እኔ የሆንሁ ይመስላል።

መልሱ ያለው ከ«ኝ» ፊት በቆመችው «ል» ላይ ነው። «ይስጠኝ» ካልን ጤናው ለእኔ እንዲሰጠኝ መለመናችን ነው። «ይስጥህ» ካልን ጤናው ለአንተ ነው። «ይስጥልኝ» ስንል ግን ስጦታው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ደስታው ወይም ውለታው በእኔ ይቆጠራል። ይህን ለልጁ ያስረዳሁት እናቱ በየጊዜው በምትሰማው ምርቃት ነው። ሕፃን ያቀፈች እናት ስናገኝ «ያሳድግልሽ» እንላታለን። የሚያድገው ሕፃኑ ነው፤ እናቲቱ አታድግም። ሆኖም የልጁ ማደግ ለእርሷ ደስታ ስለሆነ «ልሽ» የሚለው ተጨመረላት። «ጤና ይስጥልኝ»ም እንዲሁ ነው። ጤናው ለአንተ ይሰጣል፤ የአንተ ጤና ግን ለእኔ ደስታዬ ነው። ሰላምታ አቅራቢው በዚህች አንዲት ፊደል የሰላምታ ተቀባዩን ደኅንነት የራሱ ጉዳይ አድርጎ ተናገረ ማለት ነው።

አሁን ልጁ ያልጠየቀውን ሌላ ጥያቄ እንጨምር፦ ማን ይስጥ? በአማርኛ «ይስጥ» የሚለው ግስ ባለቤት ይፈልጋል። ትእዛዝም አይደለም፤ ለፊታችን ለቆመው ሰው «ስጥ» አላልነውም። ከሁለታችን ውጭ ያለ ሦስተኛ አካል እንዲሰጥ የምንመኝበት አነጋገር ነው። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ግን በቃል አልተጠራም። ሙሉው «እግዚአብሔር ጤና ይስጥልኝ» ነበረ፤ ስሙ ከአፍ ወርዶ ግሱ ብቻውን ቀረ።

ይህን ካስተዋልን በኋላ የዕለት ንግግራችንን በዚያችው አጭር ጥያቄ መፈተን እንችላለን። ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» እንለዋለን። ማን ይማርህ? እርሱም «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል። ማን ያኑርህ? በሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ስናልፍ «ያበርታችሁ» እንላለን። ማን ያበርታችሁ? በበዓል ቀን «እንኳን አደረሳችሁ» ስንባባልም ያደረሰው ማን እንደሆነ ሳንናገር እንተላለፋለን። ይህኛው ከሌሎቹ በአንድ ነገር ይለያል፤ «ያድርሳችሁ» አላልንምና ምኞት መሆኑ ቀርቶ ስለተፈጸመ ነገር የሚቀርብ ምስጋና ሆኗል። ባለቤቱ ግን ያው ነው። ግሱ በ«ይ» ወይም በ«ያ» ጀምሮ የሚሰጠው፣ የሚምረው፣ የሚያኖረው ሳይጠራ ከቀረ፣ በዚያ ሰላምታ ውስጥ አንድ ያልተጠራ ስም እንዳለ ማወቅ ይቻላል።

ስሙ ለምን ወረደ? ምክንያቱ ክህደት አይደለም፤ ልማድ ነው። በየዕለቱ ደጋግመን የምንናገረውን ነገር አፋችን ያሳጥረዋል። «እንደምን አደርክ?» ለሚለው ጥያቄ የሙሉ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ በፍጥነት ስንተላለፍ «ይመስገን» ብቻ ብለን እናልፋለን። ሁለቱም አነጋገር ዛሬም በአንድ ሰው አፍ ይገኛሉና፣ የማጠሩን ሂደት በዓይናችን የምናየው ያህል ነው።

ይህ በእኛ ቋንቋ ብቻ የሆነ ነገር እንዳይመስለን ወደ ሌሎች ሕዝቦች እንመልከት። እንግሊዞች ሲለያዩ የሚሉት «ጉድባይ» በጥንቱ «ጎድ ቢ ዊዝ ዪ» ነበረ፤ ትርጓሜውም «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በአፍ እየተጨማደደ አንድ ቃል ሆነ። ከዚያም «ጉድ ደይ» እንደሚሉት ያሉ ሌሎች ሰላምታዎች ስበውት፣ «ጎድ» የሚለው የፈጣሪ ስም «መልካም» ወደሚለው ወደ «ጉድ» ተለወጠ። ሩሲያውያን ሲያመሰግኑ «ስፓሲባ» ይላሉ፤ «ስፓሲ ቦግ» ማለትም «እግዚአብሔር ያድንህ» ከሚለው የመጣ ነው። በመጨረሻ ያለችው «ግ» ስለወደቀች፣ ዛሬ ቃሉን የሚናገር ሰው የፈጣሪን ስም እየጠራ መሆኑ አይሰማውም። በአየርላንድ ጥንታዊ ቋንቋ ግን ስሙ እስከ አሁን አልተሰወረም። ሰላምታ አቅራቢው «እግዚአብሔር ለአንተ ይሁን» የሚል ትርጓሜ ያለውን ቃል ሲናገር፣ መላሹ የእመቤታችንን ስም ጨምሮ «እግዚአብሔርና ማርያም ለአንተ ይሁኑ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ከሰላምታው መብለጡን ልብ በሉ፤ ምርቃት የተቀበለ ሰው ጨምሮ ይመልሳል።

ሩቅ አገር ሳንሄድ ደግሞ በከተማችን በሆለታ በየማለዳው የምንሰማውን ኦሮምኛ እናድምጥ። «አካም ቡልቴ?» የሚለው ሰላምታ ቃል በቃል «እንዴት አደርክ?» ነው፤ «ቡሉ» ማደር ነውና። ሁለቱ ቋንቋዎች የማለዳ ሰላምታቸውን በአንድ ሐሳብ ላይ መሥርተውታል፦ ሌሊቱን በሰላም ማለፍ። መብራት ባልነበረበት ዘመን ሌሊት የአውሬ፣ የሽፍታና የድንገተኛ በሽታ ጊዜ ነበረ፤ ነግቶ በሕይወት መገናኘት ሊጠየቅና ሊመሰገንበት የሚገባ ነገር ነው። ይኸው «ቡሉ» የሚለው ግስ የኦሮሞ ሽማግሌዎች ሲመርቁ በሚሉት «ሆራ ቡላ» ውስጥም አለ፤ «ርቡ፣ እደሩ» እንደማለት ነው። የሽማግሌው ምርቃትና የጎረቤት የማለዳ ሰላምታ በአንድ ግስ ላይ ተገናኙ። በቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ውስጥ አንዲት እናት በአማርኛ «እንደምን አደርሽ» ስትባል በኦሮምኛ ስትመልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ስለ አንድ ሌሊት ይጠያየቃሉና ንግግሩ አይሰናከልም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰላምታ ሁሉ ከምርቃት የተወለደ ነው ማለት አይቻልም። በስልክ የምንለው «ሀሎ» ሰውን ለመጥራትና ለማንቃት ከሚሰማ ድምፅ የመጣ እንጂ ምኞት የለበትም። ስንለያይ የምንለው «ቻው» ከጣልያን የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ በቬኒስ ሰዎች አነጋገር «ባሪያህ ነኝ» ከሚለው ነው፤ የትሕትና ቃል ነው እንጂ በረከት አይደለም። ስለዚህ አንድን ሰላምታ «ጥንት ጸሎት ነበረ» ከማለታችን በፊት ግሱን መመርመርና ባለቤቱን መፈለግ ይገባናል። በ«ጤና ይስጥልኝ» ባለቤቱ ይገኛል፤ በ«ቻው» አይገኝም።

ታዲያ ስሙ የተረሳበት ምርቃት አሁንም ምርቃት ነውን? ይህን ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ ከማደሪያ ጓደኞቼ ጋር ብዙ ጊዜ ተከራክረንበታል። አንዱ «ቃሉ ሞቷል፤ ድምፅ ብቻ ነው የቀረው» ይላል። እኔ ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ስሙ የሚሰወረው በቀላል ቀን ነው፤ ቀኑ ሲከብድ ይመለሳል። ለቅሶ ቤት ስንገባ «ያጽናችሁ» ብቻ ብለን አንቀመጥም፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እንላለን። ላስነጠሰው «ይማርህ» ብለን ያለፍን ሰዎች፣ በሕመም አልጋ ላይ ለተኛው «እግዚአብሔር ይማርህ» እንላለን። ልንከፍለው የማንችለው ውለታ ሲዋልልን ደግሞ «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን፤ «እኔ መክፈል አልችልምና በእኔ ፈንታ እርሱ ይክፈልህ» ማለት ነው። በ«ጤና ይስጥልኝ» የወረደው ስም በዚህ ያለው፣ ግሱም አንድ፣ «ልኝ»ም አንድ ነው። ስሙ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ በጭንቅ ቀን ከየት ይመጣ ነበር?

በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 ቍጥር 4 ቦዔዝ ከቤተ ልሔም ወደ እርሻው ሲመጣ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም ብሏቸዋል፤ እነርሱም በዚያው ስም መርቀው መልሰውለታል። ሰላምታው ገና አልተቆረጠም፤ ባለቤቱ በቦታው አለ። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን ሲልካቸው፣ ወደ ማንኛውም ቤት ሲገቡ አስቀድመው ለዚያ ቤት ሰላም እንዲሉ አዝዟቸዋል (ሉቃ. 10፥5-6)። በዚያ የሰላም ሰው ካለ ሰላማቸው ያድርበታል፤ ከሌለ ግን ወደ እነርሱ ይመለሳል። በዚህ ቃል ሰላምታ የሚሰጥና የሚመለስ፣ የሚያድርበትም ቦታ የሚፈልግ ነገር ሆኖ ተነግሯል። በቅዳሴም ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲለን ዝም አንልም፤ «ምስለ መንፈስከ» ብለን እንመልሳለን። ሰላሙ ሄዶ ይመለሳል።

ለዚያ ሕፃን በመጨረሻ የሰጠሁት የቤት ሥራ ይህ ነበር፤ ለእናንተም እርሱኑ እሰጣለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ስትመላለሱ የምትሰሟቸውን ሰላምታዎች ሁሉ መዝግቡ፤ ከእያንዳንዱም ግስ አጠገብ «ማን?» ብላችሁ ጻፉ። መልሱ «እኔ» ወይም «አንተ» የሆነባቸውን ለይታችሁ በአንድ ወገን አስቀምጡ። በሌላው ወገን የሚቀሩት ስንት እንደሆኑ በሰንበት ጉባኤያችን እንነጋገራለን። እስከዚያው በሰላም ያገናኘን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።