የመስኮቱ ፊትና የአምፖሉ ፊት

አያቴ በዕድሜያቸው ልክ ጤነኛ ናቸው። በቤተሰባችን የገና ፎቶ ላይ ግን ጉንጫቸው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ከንፈራቸውም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፎቶው ቤሩት ላለችው አክስቴ በደረሰ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስልክ ተደወለ፦ «እውነቱን ንገሩኝ፤ እምዬ ምን ሆነው ነው?» እምዬ በዚያ ሰዓት ረከቦቱ ፊት ተቀምጠው ሦስተኛውን ቡና ይቀዱ ነበር።

ፎቶው ላይ ዘጠኝ ሰዎች አሉ። አያቴንና ሦስቱን የልጅ ልጆች በግራ በኩል ያለው መስኮት ያበራላቸዋል፤ አራቱም ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። በቀኝ ያሉት አራቱ ከጣሪያው በተንጠለጠለው ቢጫ አምፖል ሥር ስለ ተቀመጡ ብርቱካን መስለዋል። መሀል የቆመው ወንድሜ አንዱ ጉንጩ ከዚህ፣ ሌላው ጉንጩ ከዚያ ነው። ስልክ የቤተሰብን ፎቶ እንዲህ የሚያበላሽበትን ምክንያት ካወቃችሁ ማስተካከሉ ያን ያህል ከባድ አይደለም።

የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። ቢጫው አምፖል 2700 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ የቀትር ፀሐይ 5500 ገደማ ይሆናል፤ ፀሐይ በማያገኘው መስኮት ከሰማዩ ብቻ የሚገባው ብርሃን ደግሞ ከ7000 ሊያልፍ ይችላል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ክፍሉ ውስጥ ስንቀመጥ አእምሯችን ልዩነቱን ያቻችልልናል፤ የሰው ፊት ከየትኛውም ወገን ቢበራ ያው የምናውቀው ፊት ሆኖ ይታየናል። ካሜራው ግን ብዙውን ጊዜ ለፎቶው በሙሉ የሚመርጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። መስኮቱንና አምፖሉን አማካይ አድርጎ ሲገምት መስኮቱ ሰማያዊ፣ አምፖሉ ብርቱካን ሆኖ ይቀራል፤ ለማንም ሳይሆን ለሁለቱም ይስታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ስልኩን መነካካት ሳይሆን ማን በየትኛው ብርሃን እንደ በራ መለየት ነው። ለዚህ የእኛ ቆዳ ራሱ ይረዳል። ግንባር ላይና የአፍንጫ ጫፍ ላይ የምታዩት ወዝ እንደ መስተዋት ነውና የሚያሳየው የቆዳውን ቀለም ሳይሆን የብርሃኑን ቀለም ነው። ፎቶውን አጉልታችሁ ወዙን ተመልከቱ። የአያቴ ግንባር ላይ ያለው ወዝ ሰማያዊ ነው፤ የአጎቴ ደግሞ ቢጫ። የወንድሜ ግንባር ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ይታያሉ።

እኔ የምጠቀመው Snapseed የሚባለውን ነፃ የስልክ መተግበሪያ ነው። መጀመሪያ የስልካችሁን የማታ ቢጫ ማጣሪያ አጥፉ፤ ካልጠፋ የምታስተካክሉት የፎቶውን ሳይሆን የስክሪኑን ቀለም ይሆናል።

ቀጥሎ አንዱን ብርሃን ምረጡ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስተካከል አይቻልም። እኔ የመረጥኩት የአያቴን ብርሃን ነው። White Balance ውስጥ ጠብታ መጣያ የሚመስል ምልክት አለ፤ እሱን በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ባለ ነጭ ነገር ላይ ታሳርፉታላችሁ። አያቴ ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፤ ነገር ግን ነጠላው ላይ አላሳረፍኩትም። ብዙ የዱቄት ሳሙናዎች ልብስን ነጭ የሚያስመስል ንጥረ ነገር አላቸው፤ ይህ ንጥረ ነገር ዓይን የማያየውን የቀን ብርሃን ተቀብሎ ሰማያዊ አድርጎ ይመልሳል። በእሱ ተመርቶ የሚያስተካክል ሰው ፊቱን ከሚገባው በላይ ቢጫ ያደርገዋል። የተሻለው ረከቦቱ ላይ ያለው ሲኒ ነበር፤ አበባ የሌለበትን ጎኑን ነካሁ። የቀረውን በዓይን እየተመለከትኩ Temperature የሚለውን ወደ 20 አካባቢ ከፍ አደረግሁት። የአያቴ ፊት ወደ ቡናማነቱ ተመለሰ፤ ከንፈራቸውም ደም ያለው ከንፈር ሆነ። በቀኝ ያሉት ግን ይባስ ብለው ካሮት መሰሉ። አትደንግጡ፤ የሚጠበቅ ነው።

ይህን ካጸደቃችሁ በኋላ White Balance ን እንደ አዲስ ክፈቱ። አሁን ግራውን ወገን እንዳላያችሁ ሁኑና በአምፖሉ ሥር ያሉትን ብቻ እየተመለከታችሁ Temperature ን ዝቅ አድርጉ። እኔ ወደ −35 አካባቢ ወረድኩ። አያቴ ለጊዜው እንደ ገና ሰማያዊ ሆኑ። አጽድቁና View edits ውስጥ ግቡ። የመጨረሻውን White Balance ስትነኩ የብሩሽ ምልክት ይወጣል። በብሩሹ መቀባት ስትጀምሩ ሁለተኛው እርማት ከፎቶው ላይ ሁሉ ይነሣና ጣታችሁ ባለፈበት ቦታ ብቻ ይቀመጣል። የብሩሹ ኃይል ከ0 እስከ 100 በ25 በ25 ይለወጣል። የአራቱን ፊት በ100 ቀባሁ። ወንድሜን ግን በአምፖሉ በኩል ያለውን ጉንጩን በ75፣ ብርሃኖቹ የሚገናኙበትን የአፍንጫውን መስመር በ25 አደረግሁት። ፎቶውን ባጎላችሁት መጠን ብሩሹ ይቀጥናል።

ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሽበት ቦታ እዚህ ነው። ፊቱን ብቻ ቀብቶ አንገትን፣ ጆሮንና እጅን የተወ ሰው ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች ፎቶ ይኖረዋል። ፊትን የነካ ነጠላ ወይም የሸሚዝ ኮሌታም አብሮ መቀባት አለበት። ግድግዳውን ግን ቢጫ እንደ ሆነ ተዉት። አምፖል የበራበት ቤት ቢጫ ግድግዳ ቢኖረው ማንም አይገረምም፤ ዓይን የሚፈርደው በፊት ላይ ነው።

ሌላው አደጋ ማብዛት ነው። ቢጫው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ከወረዳችሁ ጠይም ፊት ግራጫ ይሆናል። መዳፍና ከንፈር ላይ ያለው ቅላት መጥፋት ሲጀምር አልፋችኋል ማለት ነውና ጥቂት ተመለሱ። በአምፖሉ ወገን ትንሽ ሙቀት ይቅር። ፊቱ ወደ አረንጓዴ ካደላ ደግሞ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የሸምበቆ መብራት ወይም አጠገቡ ያለ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው፤ ያን ጊዜ Temperature አይረዳም፤ Tint የሚለውን ወደ ሮዝ ገፋ ማድረግ ነው። ስትጨርሱ ስልኩን አስቀምጡና ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደ ገና እዩት። ዓይን ለረጅም ጊዜ ያየውን የተሳሳተ ቀለም ይለምደዋል።

የማይመለስም አለ። የአጎቴ ግንባር በአምፖሉ በጣም ስለ ተመታ ቀዩ ቀለም ጣሪያ ነክቷል፤ እዚያ ቦታ ላይ የቆዳ መረጃ የለም፤ ብሩሹ የሚያመጣው ግራጫ ጠቃጠቆ ብቻ ነው። እዚያ ላይ በ25 አለፍኩት። ከሁለት በላይ ብርሃን የተደባለቀበትና ፊቶቹ በሙሉ የተዥጎረጎሩበት ፎቶ ሲገጥማችሁ ደግሞ ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ቀለሙ ሲወጣ የቀለም ጠቡም አብሮ ይወጣል።

በሚቀጥለው የቤተሰብ ቀን ከማንሣታችሁ በፊት መብራቱን አጥፉ፤ ሰዎቹንም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሳችሁ አስቀምጡ። ማታ ከሆነ መጋረጃውን ዝጉና በአንድ ዓይነት አምፖል ብቻ አንሡ። ብርሃኑ አንድ ከሆነ ስልኩ የሚመርጠው አንዱ ቁጥር ለሁሉም ፊት ይበቃል።