ስልኬ በባጃጅ ተሳፍሮ የሄደ ዕለት

ሐዋሳን የሚያውቁ ከሆነ ሐይቅ ዳር በቅዳሜ ማታ ምን እንደሚመስል አልነግርዎትም። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከባልደረቦቼ ጋር ስሸራሸር አመሸሁና በባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከበሬ ወርጄ ሒሳቤን ከከፈልኩ በኋላ ኪሴን ብዳብስ ስልኬ የለም። ባጃጁም መንገዱን ታጥፎ ሄዷል።

ስልኩ ውድ አልነበረም። ዳሩ ግን አባቴ ከማረፋቸው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ አሞራ ገደል ከአባ ኮዳዎቹ አጠገብ ቆመው ሲስቁ ያነሣኋቸው ፎቶግራፍ ከዚያ ስልክ በቀር የትም አልነበረም።

ጎረቤት የምትኖረውን እኅቴን ቀስቅሼ ስልኳን ተዋስኩ። የጠፋ ስልክ ከሩቅ ሆኖ እንደሚፈለግ ሰምቼ ነበርና google.com/android/find ብዬ ጻፍኩ። ጉግል ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጠየቀኝ፤ ሁለቱንም በቃሌ ስለማውቅ በልቤ ኮራሁ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን ኩራቴን አበረደው። «ማንነትዎን ለማረጋገጥ ስልክዎ ላይ የላክነውን ይመልከቱ» ይላል። ስልኬንማ እየፈለግሁ! ከቤቱ ውስጥ ቁልፉን ረስቶ በሩን እንደ ዘጋ ሰው ቆሜ ቀረሁ።

ስሕተቴ ይህ ነበር። አካውንቴ እንዳይሰረቅ ብዬ ሁለት ደረጃ ያለውን ማረጋገጫ አብርቻለሁ፤ ማብራቴም ደግ ነው፣ ዛሬም አላጠፋሁትም። ነገር ግን ሁለተኛው ቁልፍ የሚመጣው ወደዚያው ስልክና ወደዚያው ሲም ካርድ ብቻ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ አስቀድሞ የሚወጣ የመጠባበቂያ ቁጥር ነው። myaccount.google.com ላይ ገብተው ከSecurity ሥር 2-Step Verification የሚለውን፣ ከዚያም Backup codes የሚለውን ሲከፍቱ ጉግል አሥር ቁጥሮች ይሰጥዎታል። እያንዳንዱ ባለ ስምንት አኃዝ ሲሆን የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አዲስ አሥር ካወጡ አሮጌዎቹ ይሻራሉ። በወረቀት ይጻፉዋቸው፤ ወረቀቱን ግን ከስልኩ ጋር አብሮ በሚጠፋ ቦርሳ ውስጥ አያኑሩት።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ተናድጄ 994 ደወልኩና ሲም ካርዴን በዚያው ሌሊት አዘጋሁ። አስተዋይ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ሰኞ ዕለት መታወቂያዬን ይዤ ሄጄ ምትክ ሲም አወጣሁ፤ ማረጋገጫውም ስለ መጣልኝ ወደ አካውንቴ ገባሁ። ካርታው ስልኬን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ከመጥፋቱ ሁለት ቀን በፊት፣ እኔው ቤት ውስጥ ነበር። ለምን ቢሉ፣ ጥቅሌ ቶሎ እንዳያልቅ ዳታዬን አጥፍቼ የምዞር ሰው ነኝ። በዚህ ረገድ ብቻዬን እንዳልሆንኩ እገምታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሩቅ የምንልከው ትእዛዝ፣ ቆልፍም ይሁን ደምስስ፣ የሚደርሰው ስልኩ በርቶ ከዳታ ወይም ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ነው። ካልተገናኘ ትእዛዙ እስኪገናኝ ድረስ ይጠብቃል። ስለዚህ ዳታው በርቶ የጠፋን ስልክ ሲሙን ቀድመው ካዘጉበት፣ ትእዛዙ የሚሄድበትን መንገድ ራስዎ ቆረጡት ማለት ነው። በኔ አስተያየት ዳታው በርቶ ከነበረ መጀመሪያ ይቆለፍ፤ ቀጥሎ ወዲያው 994 ይደወል። ዳታው ጠፍቶ ከነበረ ግን የሚጠበቅ ነገር የለምና፣ ሌባው ሲሙን በሌላ ስልክ ከትቶ በስምዎ መልእክት እንዳይቀበል ወዲያው ይዘጋ።

ያን ሰኞ የመደምሰሻው ቁልፍ ፊት ለፊቴ ነበር። ጣቴን አንሥቼ መልሼ አወረድኩ። ደምስስ ካልኩት የአባቴም ሣቅ አብሮ ይደመሰሳል፤ ከተደመሰሰ በኋላም ስልኩን በካርታ መከታተል አይቻልም። ካልደመሰስኩት ደግሞ የተማሪዎቼ ውጤት፣ የቤተሰቤ መልእክት ሁሉ በሰው እጅ ይቀራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ስብሰለሰል ቆይቼ ተጫንኩት። ትእዛዙ እስከ ዛሬ አልደረሰም፤ ስልኩም አልተገኘም። ፎቶግራፉ አስቀድሞ በGoogle Photos ላይ ቅጂ ቢኖረው ኖሮ ያን ግማሽ ሰዓት ባላጠፋሁትም ነበር። ቅጂው ካልቀየሩት በቀር የሚጫነው በዋይፋይ ነውና፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲያገኙ ሥራውን መጨረሱን ከፍተው ይዩ።

ሁለተኛውን ስልክ በዱቤ ገዛሁ። በገዛሁ ማግስት ስክሪኑን በቁጥር ቆለፍኩ፤ Settings ገብቼ Google የሚለውን፣ ከዚያም All services የሚለውን ከፍቼ Find Hub መብራቱን አየሁ። እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ስሙ Find My Device ነበርና በቆየ ስልክ ላይ በዚያ ስም ሊያገኙት ይችላሉ። እዚያው ውስጥ ዳታ የሌለውን ስልክ በአጠገቡ በሚያልፉ ሌሎች አንድሮይድ ስልኮች አማካይነት የሚያስፈልግ ምርጫ አለ። ተዘጋጅቶ የሚመጣው ሰው በሚበዛበት ስፍራ ብቻ እንዲሠራ ስለ ሆነ With network in all areas ወደሚለው ለወጥኩት። ይህም ቢሆን ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም፤ አጠገቡ የሚያልፍ ስልክ ከሌለ የሚናገርለት የለም። ከዚያ Theft protection ውስጥ Remote lock የሚለውን አበራሁ። ይህ ሲበራ android.com/lock ላይ ስልክ ቁጥርን ብቻ በመጻፍ ያለ ይለፍ ቃል ስክሪኑን መቆለፍ ይቻላል፤ የት እንዳለ ግን አያሳይም።

ያልተሞከረ ነገር አላምንምና አንድ ባልደረባዬን ለመንኩት። ስልኬን በኪሱ ይዞ ወደ አሞራ ገደል ሄደ፤ እኔ ከእኅቴ ስልክ ጋር ሐይቁ ዳር ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። አካውንቴ እኅቴ ስልክ ላይ እንዳይቀር Incognito ከፈትኩ። የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ፤ ያቺ የታወቀች ጥያቄ መጣች። አሁን ግን Try another way ብዬ ከወረቀቴ አንዱን ቁጥር ሰጠሁትና በሩ ተከፈተ።

ስልኩ በካርታው ላይ ታየ። ድምፅ እንዲያሰማ አዘዝኩት። ድምፁ ጠፍቶ የነበረ ስልክ እንኳ በሙሉ ኃይሉ አምስት ደቂቃ ይጮኻልና፣ ባልደረባዬ ዓሣ በሚበሉ ሰዎች መካከል ኪሱን ይዞ መግቢያ አጣ፤ እስከ አሁን ይወቅሰኛል። ቀጥሎ ቆለፍኩት፤ «ይህ ስልክ የጠፋ ነው፤ ላገኘው ወሮታ አለኝ» የሚል ቃልና የእኅቴን ቁጥር ስክሪኑ ላይ አስቀመጥኩ። የራሴን ቁጥር ብጽፍ ኖሮ ያገኘው ሰው የሚደውለው በእጁ ወዳለው ስልክ ነበር።

በመጨረሻ በቀጠሯችን መሠረት ዳታውን አጠፋው። ካርታው የመጨረሻውን ስፍራ ይዞ ቆመ፤ ሰውየው ግን ከሩብ ሰዓት በኋላ ከጀርባዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካኝ። የካርታዋ ነጥብ በዚያን ጊዜ እንኳ ገና አሞራ ገደል ነበረች።

ከአሥሩ ቁጥሮች የተጠቀምኩበትን በእስክሪብቶ ሰረዝኩት። ዘጠኙ የተጻፉበት ወረቀት እኅቴ ቤት፣ የልጆቿ የክትባት ካርድ ባለበት መሳቢያ ውስጥ ነው።